ስሙ ያው፣ ፊቱ ሌላ፦ ረጅም ድራማ ከዓመታት በኋላ ተዋናይ የሚቀይረው ለምንድን ነው?

ከሦስት ዓመት በፊት «ውጭ ሄደ» ተብሎ ከታሪኩ የወጣው ልጅ አንድ ማታ ይመለሳል። እናቱ አንገቱን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ጎረቤቱ በስሙ ይጠራዋል፣ ታናሽ እህቱ ሻንጣውን ትቀበለዋለች። ፊቱ ግን ሌላ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ድራማውን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚያዩ አያት «ኧረ ይሄ እሱ አይደለም!» ይላሉ። ልጆቹ «እሱ ነው እማማ፣ ተዋናዩ ተቀይሮ ነው» ይሏቸዋል። አያትየው ግን በቀላሉ አይረኩም፤ «ታዲያ ሌላ ሰው ብለው አያመጡትም ነበር?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ እንግዳ የሚመስለው ብዙ ያየናቸው ድራማዎች አጭር ስለሆኑ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአማርኛ የለመድናቸው የቱርክ ድራማዎች አብዛኞቹ ከሁለትና ከሦስት ምዕራፍ አያልፉም። ታሪኩ የሚያልቀው ተዋናዮቹ ሳያረጁ፣ ሳይሰለቹ፣ ሌላ ሥራ ሳይጠራቸው ነው። በአንጻሩ የእንግሊዙ ኮሮኔሽን ስትሪት ከ1960፣ የአሜሪካው ጄነራል ሆስፒታል ከ1963፣ ሌላው የእንግሊዝ ድራማ ኢስትኤንደርስ ከ1985 ጀምሮ እየተላለፉ ነው። በዚህን ያህል ዕድሜ ውስጥ ተዋናይ ይሄዳል፣ ይጣላል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። በታሪኩ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ግን እዚያው ነው።

አያትየው ላነሱት ጥያቄ መልሱ ዝምድና ነው። በቤተሰብ ድራማ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን አይቆምም። የእከሌ ልጅ፣ የእከሊት የቀድሞ ባል፣ የሕፃኑ አባት፣ የድርጅቱ ግማሽ ባለድርሻ፣ የጎረቤቱን ምሥጢር የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ይህ ሁሉ የለውም፤ ጸሐፊው እያንዳንዱን ክር ከዜሮ መፍተል አለበት፣ ተመልካቹም እስኪቀበለው ወራት ይወስዳል። የተመለሰው ልጅ ግን በሩን ሲከፍት ክሮቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። እናትየው ለምን እንደምታለቅስ ማንም ለማንም ማስረዳት የለበትም።

ስለዚህ ገጸ ባሕርዩን ከዓመታት በኋላ የሚጠራው ብዙ ጊዜ የራሱ ታሪክ ሳይሆን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። አባት ይሞትና ውርስ ይከፈላል፤ ወይም እህት ልታገባ ትነሳለች። ጸሐፊዎቹ «እዚህ ላይ ልጁ የግድ መኖር አለበት» ይላሉ። መጀመሪያ የሚደወለው ለቀድሞው ተዋናይ ነው። እሱ እምቢ ካለ፣ ሌላ ሥራ ከያዘ ወይም በክፍያ ካልተስማሙ ሁለት ምርጫ ይቀራል፦ ወይ ታሪኩን መተው፣ ወይ ፊቱን መቀየር። ታሪኩ ከከበደ ፊቱ ይቀየራል።

የአሜሪካ የቀን ድራማዎች ጋ ደግሞ የውሉ አሠራር ነገሩን ያባብሰዋል። እነዚህ ድራማዎች በሳምንት አምስት ቀን ስለሚተላለፉ በዓመት ወደ 250 ክፍል ያህል ይሠራሉ። የአንድ ዋና ተዋናይ ውል በወረቀት ላይ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሊል ይችላል፤ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ13 ሳምንት ወይም በ26 ሳምንት ዙር የተከፋፈለ ነው። ዙሩ ባለቀ ቁጥር ፕሮዲዩሰሩ ተዋናዩን ማሰናበት ይችላል፤ ተዋናዩ ግን ዋናው ዘመን እስኪያልቅ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ያ ዘመን ሲያልቅ ብዙዎቹ ፊልም ወይም የማታ ድራማ ፍለጋ ይሄዳሉ። ገጸ ባሕርዩ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ እዚያው ይቀራል።

ልጆች ላይ ሲሆን ምክንያቱ የበለጠ ግልጽ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በቀን ካሜራ ፊት የሚቆየው 20 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ሕፃን መንታዎች እየተፈራረቁ ይጫወቱታል፤ መለወጡ ከአልጋ ይጀምራል ማለት ነው። የኢስትኤንደርሱን ማርቲን ፋውለርን እንውሰድ። ድራማው በጀመረበት በ1985 ነው በታሪኩ ውስጥ የተወለደው። እስከ 1996 ጆን ፔይተን-ፕራይስ የተባለ ልጅ ተጫወተው። ልጁ አሥራዎቹ ውስጥ ገብቶ ከባድ ትዕይንት የሚሸከም ተዋናይ ሲያስፈልግ ጄምስ አሌክሳንድሩ ተተካና እስከ 2007 ቆየ፤ ያን ጊዜ ማርቲን አካባቢውን ለቅቆ ሄደ ተባለ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ማርቲን ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ የተጫወተው ጄምስ ባይ ነው፤ እሱም እስከ 2025 ዘለቀ። ለፊቱ መለወጥ ማንም በታሪኩ ውስጥ ማብራሪያ አልሰጠም፣ ማንም አልጠየቀም። ቤተሰቡ «ማርቲን» አለው፣ ሥራ ጀመረ፣ ትዳር ያዘ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለብዙው ተመልካች ማርቲን ማለት እሱ ሆነ።

እዚህ ላይ የሰባት ዓመቱ ክፍተት ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ዛሬ አንድ ፊት፣ ነገ ሌላ ፊት ሲሆን ዓይን ይጎረብጠዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን የድሮው ፊት ይደበዝዛል፤ በመካከል የመጡ አዳዲስ ተመልካቾች ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም። በዚያ ላይ ሰው በሰባት ዓመት እንደሚለወጥ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ውሳኔ ግን ሌላ ነው፤ የፊቱ መለወጥ በታሪኩ ውስጥ ይብራራ ወይስ በዝምታ ይታለፍ? ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ማብራሪያ መስጠት ሐቀኝነት ይመስለዋል። «አደጋ ደረሰበት፣ ፊቱ ተቃጠለ፣ በቀዶ ሕክምና ተለወጠ» ይላል። ይህ ብድር ነው። ወለዱም ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ይህን እንደ አሜሪካው ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ ያሳየ የለምና ታሪኩን ቀስ ብለን እንከተለው።

ሮማን ብሬዲ (እኛ ዘንድ የሴት ስም ነው፤ እዚያ የወንድ) ሴለም በተባለ ልብ ወለድ ከተማ ውስጥ ያለ ፖሊስ ነው። ከ1981 ጀምሮ የተጫወተው ዌይን ኖርዝሮፕ ነበር። ማርሊና ከምትባል የአእምሮ ሐኪም ጋር የነበረው ፍቅር የድራማው ልብ ሆነ፤ አግብተው በ1984 ሳሚና ኤሪክ የተባሉ መንታዎች ወለዱ። በዚያው ዓመት ተዋናዩ ለቀቀ። ጸሐፊዎቹ ሮማንን ስቴፋኖ ዲሜራ በሚባለው ቀንደኛ ጠላት እጅ አስመቱት፤ ከገደል ወድቆ ሞተ ተባለ፣ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። አስከሬን አለመገኘቱ የዚህ ሙያ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ማለት ነው።

በ1986 መጀመሪያ ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለ፣ ማንነቱን የማያስታውስ ሰው ሴለም ገባ። ፋሻው ሲፈታ የታየው ድሬክ ሆገስቲን የተባለ ሌላ ተዋናይ ነበር። ሰውየው ለራሱ ጆን ብላክ የሚል ስም አወጣ። ቀስ በቀስ ፍንጮች ተሰባሰቡና በዚያው ዓመት እውነቱ ተገለጠ፦ ይህ ሰው ሮማን ነው፣ ጠላቱ ይዞት ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስለውጦታል። ማርሊና ተቀበለችው፤ እንደገና ተጋቡ። መንታዎቹ «አባዬ» እያሉት አደጉ። ተመልካቹም ወደደው። እስከዚህ ድረስ ማብራሪያው እንደ ድንቅ ዘዴ ይታይ ነበር።

በ1991 ኖርዝሮፕ ለመመለስ ተስማማ። አሁን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ባጠሩት አጥር ውስጥ ተያዙ። በዝምታ ተክተው ቢሆን ኖሮ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ ያበቃ ነበር። እነሱ ግን ሁለተኛው ፊት በቀዶ ሕክምና የተገኘ መሆኑን በታሪኩ ውስጥ አጽንተዋል፤ የድሮው ፊት ተመልሶ ሊመጣ አይችልም። አዲሱንም ተዋናይ ማጣት አልፈለጉም፤ አምስት ዓመት ሙሉ የድራማው ዋና ምሰሶ ሆኗል። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ሮማን ነኝ ያለው ሰው ሮማን አልነበረም፣ የሌላ ሰው ትዝታ በአእምሮው ተጭኖበት ነው ማለት። ሆገስቲን እንደገና ጆን ብላክ ሆነ።

ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚባል ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ሁሉንም ነካ። ማርሊና በ1986 ያገባችው ማንን ነበር? መንታዎቹን ያሳደገው ሰው ምናቸው ነው? ጆን ታዲያ ማን ነው? ይህኛው ጥያቄ ብቻ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ሆነ፤ በተለያየ ጊዜ የተለያየ መልስ ተሰጠው። ማርሊና እውነተኛው ሮማን ቤት እያለች ልቧ ወደ ጆን ሄደ፤ በ1993 ቤል የተባለችው ልጅ ስትወለድ የማን እንደሆነች ራሱ ሌላ ምሥጢር ሆነ። ትልቋ ልጅ ሳሚ በእናቷ ላይ የያዘችው ቂም ለዓመታት የድራማው ነዳጅ ነበር። መቼም መቀበል ያለብን ነገር አለ፤ ከዚህ ዝብርቅርቅ ውስጥ ድራማው ብዙ ጠንካራ ታሪክ አወጣ። ግን ማንም አቅዶት አልነበረም፤ የዕዳ ክፍያ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለማነጻጸር ይጠቅማል። ኖርዝሮፕ በ1994 እንደገና ለቀቀ። በ1997 ሮማን ሲያስፈልግ ጆሽ ቴይለር ተመረጠ፤ ይህ ሰው በዚሁ ድራማ ላይ ከ1977 እስከ 1987 ክሪስ የተባለ ፍጹም ሌላ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የታወቀ ነው። ከዚህ የባሰ የሚያደናግር ምርጫ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሆኖም ስለ ፊቱ ምንም ማብራሪያ አልተሰጠም፤ «ሮማን ነው» ተባለ፣ ሮማን ሆነ። ያ ምርጫ ለዓሥርት ዓመታት ያለ ችግር ሠራ። የከበደው ፊት በዝምታ አለፈ፣ የቀለለው ፊት በማብራሪያው ምክንያት ታሪኩን አናጋ።

ትምህርቱ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ጄነራል ሆስፒታል ላይ ጄሰን ሞርጋንን ይጫወት የነበረው ስቲቭ በርተን በ2012 ለቀቀ። በ2014 ቢሊ ሚለር ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ገባ፤ በቀዶ ሕክምና የተለወጠው ጄሰን ነው ተባለ። በርተን በ2017 ሲመለስ ድራማው ሁለት ጄሰን ኖረው፤ መፍትሔውም ሚለር የሚጫወተው ሰው ድሩ የተባለ መንትያ ወንድም ነው ማለት ሆነ። ሚለር በ2019 ወጣ፤ በ2021 ድሩ በካሜሮን ማቲሰን ፊት ተመለሰ። ተዋናይ በመቀየር የተነሳ የተወለደው ገጸ ባሕርይ ራሱ ተዋናይ ተቀየረለት።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንምጣና ይህ ሁሉ በሳምንት አንድ ክፍል ለሚሠራ አነስተኛ ቡድን ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ያለው ቤተሰብ ታሪክ ነው እንበል። ልጃቸው ቤዛ ክፍል 24 ላይ ዱባይ ሄደች፤ ተዋናይዋ በእውነት ከአገር ስለወጣች ነው። ክፍል 60 ላይ አባትየው ቤቱን ሊሸጥ ይነሳል፣ የቤዛ ፊርማ የግድ ያስፈልጋል።

ቀረጻው ከመጀመሩ 8 ሳምንት በፊት የድሮዎቹ 24 ክፍሎች እንደገና ይታያሉ። የሚፈለገው መልኳ ሳይሆን ሌላ ነው፦ እንዴት እንደምትናገር፣ ስትናደድ ዝም ትል ወይስ ትጮህ እንደነበር፣ ከማን ጋር በምን ቋንቋ ታወራ እንደነበር። ቤዛ ክፍል 9 ላይ ከአያቷ ጋር በሲዳምኛ አውርታ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዛ የመጣች፣ ሲዳምኛ የማትችል ተዋናይት ምንም ያህል ብትመስላት አትሆንም። ተመልካቹ አፍንጫዋ ቢለወጥ ይቅር ይላል፤ አያቷን ማናገር ካቃታት ግን አይምርም። ድምፅም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ድራማ የሚከታተለው እንጀራ እየጋገረ፣ ልብስ እያጠፈ በጆሮው ነው።

ለመፈተሽ ሦስት ተዋንያን ይጠራሉ። እያንዳንዷ የምትፈተነው ብቻዋን ሳይሆን እናቷን ከምትጫወተው ተዋናይት ጋር ነው፤ አንድ የጠብ ትዕይንት፣ አንድ ደግሞ ንግግር የሌለው፣ አብረው ዓሣ እያጸዱ ዝም የሚሉበት። ሁለተኛው ይበልጣል። ጠብ ማንም ይጫወታል፤ ከእናት ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ግን የቤት ልጅ መሆንን ይጠይቃል። ቀረጻውን አንዴ ድምፁን አጥፍቶ፣ አንዴ ዓይንን ጨፍኖ ማየትና ማዳመጥ ጥሩ ልማድ ነው።

የተመረጠችው ከድሮዋ ቤዛ አንድ ልማድ ብቻ ትውሰድ፤ ለምሳሌ ሲጨንቃት የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠቅለሏን። ከዚያ በላይ መኮረጅ ውድቀት ነው፤ ተመልካቹ ቤዛን ትቶ ቤዛን የምትመስለውን ሰው ማየት ይጀምራል። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ፊቷ ከመታየቱ በፊት ስሟ መሰማት አለበት፦ ከኋላ ትታያለች፣ እናት «ቤዛዬ!» ትላለች፣ ከዚያ ትዞራለች። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ተለውጠሻል እኮ» የሚል መስመር ማስገባት ይወዳሉ። ቢቀር ይሻላል፤ ተመልካቹ የይቅርታ ቃል ሆኖ ነው የሚሰማው።

ከሁሉም በላይ የሚያጋልጠው ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የምረቃ ፎቶ ነው። ለ24 ክፍል የድሮዋን ተዋናይት ፊት ይዞ እዚያው ነበር። አዲሷ ቤዛ ፎቶው ሥር ቆማ ስታለቅስ ሁለት ፊት በአንድ ካሜራ ውስጥ ይገባል፤ በዝምታ ለማለፍ የተደረገው ጥረት ሁሉ እዚያው ይፈርሳል። ስለዚህ የትዕይንቶችን ተያያዥነት የሚከታተለው ሰው ቀረጻ ሳይጀመር መዝግቦ መያዝ አለበት፦ የግድግዳ ፎቶ፣ በእናት ስልክ ላይ ስትደውል የሚወጣው ምስል፣ ክፍል 12 ላይ የታየው መታወቂያ፣ የመግቢያው ሙዚቃ ላይ ያለው ምስል። «ባለፈው ክፍል» የሚለውን የሚያዘጋጀው ኤዲተርም ይነገረው፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚመጣው እሱ የድሮ ትዕይንት ሲጎትት ነው። ትዝታ ማሳየት የግድ ከሆነ በአዲሷ ተዋናይት እንደገና ይቀረጻል። ዩትዩብ ላይ ያሉት የድሮ ክፍሎች ግን አይነኩ፤ ሊደበቁ ቢሞከር ሰው የበለጠ ይፈልጋቸዋል።

መሳካቱ በመጀመሪያው ሳምንት አይታወቅም። በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል ሥር ያሉት አስተያየቶች ሁሉ ስለ ፊቷ መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። ስድስተኛው ወይም ስምንተኛው ክፍል ላይ ሰው «ለምን ፈረመች? አባቷን ከዳች!» ብሎ መጣላት ከጀመረ ተቀብሏታል። አሁንም «የድሮዋ ትሻል ነበር» እያለ ከሆነ ግን አልያዘም። ከተመልካቹ ቀድሞ የሚታይ ምልክትም አለ፤ ጸሐፊዎቹ ሳያውቁት ቤዛን ከእናቷ ጋር ብቻቸውን የሚያገናኙ ትዕይንቶችን መቀነስ ይጀምራሉ። ስክሪፕቱን ቆጥሮ ማየት ይቻላል።

የቀረው ውሉ ነው። ዳላስ የተባለው የአሜሪካ የማታ ድራማ፣ ሚስ ኤሊ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ባርባራ ቤል ጌዲስ በ1984 ስትወጣ፣ በእሷ ቦታ ታዋቂዋን ዶና ሪድን ተካ። በቀጣዩ ዓመት ቤል ጌዲስ ለመመለስ ስትስማማ ሪድ የገባችው ውል ሳያልቅ ተሰናበተች። ከሰሰች፤ ጉዳዩም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏት በስምምነት አለቀ። የሀዋሳው ቡድን እንዲህ ያለ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ ለአዲሷ ቤዛ በሚሰጠው ውል ላይ ስንት ክፍል እንደተረጋገጠላት፣ የድሮዋ ብትመለስ ምን እንደሚሆን፣ ያን ጊዜ የስንት ክፍል ክፍያ እንደሚሰጣት ከፊርማው በፊት ይጻፍ። ለድሮዋም ዱባይም ሆነች ሌላ አገር ይደወልላት፤ ሚናዋ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ከፌስቡክ ሳይሆን ከፕሮዲዩሰሩ አፍ ትስማ።